ግንብ ለምን ሆድ ያወጣል?

መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ሲቀል በጅማ የአጥር ግንቦችን ከጎናቸው ሆኖ መመልከት ብዙ ነገር ያሳያል። ፊት ለፊት ሲታይ ቀጥ ብሎ የቆመው ግንብ፣ ጫፉ ላይ ቆመው አንድ ዓይን ጨፍነው በርዝመቱ ሲያዩት ከመሃሉ ወደ መንገዱ ወጣ ብሎ ይገኛል። ሰዎች "ግንቡ ሆድ አወጣ" ይላሉ። ምክንያቱን ሲጠየቁ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ "ሲሚንቶ ተሰርቆበት ነው" ወይ "መሬቱ ከድቶት ነው"። ሁለቱም አንዳንድ ጊዜ እውነት ናቸው። እኔ ተከፍተው ካየኋቸው ግንቦች መካከል የሚበዙት ግን ሲሚንቶም መሬትም አልጎደላቸውም። የጎደላቸው ከአንዱ ጎን ተነስቶ ሌላው ጎን የሚደርስ ድንጋይ ነበር።

ነገሩን በአንድ ግንብ ላይ ላሳይ። ወደ ጅሬን በሚያወጣው መንገድ አቅራቢያ የአንድ ሐጂ ግቢ አጥር ነው። ርዝመቱ 12 ሜትር፣ ቁመቱ 2.4 ሜትር፣ ውፍረቱ 50 ሴንቲሜትር ሲሆን ካልተጠረበ ጥቁር ድንጋይ በሲሚንቶ ተገንብቶ በሁለቱም በኩል ተለስኗል። ስድስት ክረምት አሳልፎ ከመሃሉ 4 ሜትር ያህሉ ተነፋ።

ልስኑን ብንገፈው ውስጡ ምን ይመስላል?

ከውጭ ሲያዩት ግንብ አንድ ወጥ ነገር ነው። አሠራሩን የተመለከተ ሰው ግን ሌላ ነገር ያያል። ግንበኛው በግንቡ ስፋት ልክ ሁለት ሲባጎ ይወጥራል፣ አንዱን በውጭ፣ ሌላውን በውስጥ። ከዚያ ደህና ፊት ያላቸውን ድንጋዮች እየመረጠ በሁለቱ ሲባጎዎች ልክ ይደረድራል። ስለዚህ በመጀመሪያ የሚቆሙት ሁለት ትይዩ ገጾች ናቸው። በመካከላቸው ባዶ ቦታ ይቀራል። ይህ ቦታ የግንቡ ሆድ ነው፤ የሚሞላውም በትንንሽ ድንጋይ፣ በፍርካሽና በሲሚንቶና አሸዋ ድብልቅ ነው፤ አሠሪው ዞር ካለ ደግሞ በአፈር።

በጡብ ወይም በብሎኬት ሥራ እንዲህ ያለ ችግር እምብዛም አይነሳም፤ ብሎኬቱ ራሱ የግንቡን ውፍረት ይይዛል። ያልተጠረበ ድንጋይ ግን ቅርጹም መጠኑም የተለያየ ነው። 50 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው ድንጋይ ሁልጊዜ አይገኝም፣ ቢገኝም ለማንሳት ሁለት ሰው ይፈልጋል። ግንበኛው እጁ በሚችለው ከ15 እስከ 25 ሴንቲሜትር በሚሆን ድንጋይ ሲሠራ፣ ሳያስበው አንድ ግንብ ሳይሆን መሃላቸው ፍርካሽ የተሞላ ሁለት ቀጫጭን ግንቦችን ያቆማል።

መሃል ያለው ሙሌት ለምን ወደ ውጭ ይገፋል?

የጅማ ሰው መልሱን ከቡና ጆንያ ያውቀዋል። ቡና የተሞላ ጆንያ ሲቆም ጎኑ ይነፋል። ፍሬው እርስ በእርሱ ስላልተጣበቀ ከላይ ያለው ክብደት ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም ይገፋል። ጆንያው መኪና ላይ ተጭኖ ሲንገጫገጭ ፍሬው ወደ ታች ይሰክናል፣ ሆዱም ይበልጥ ይሰፋል። በግንብ መካከል ያለው ፍርካሽም ጠባዩ ይኸው ነው። ጆንያውን የሚተኩት ሁለቱ ገጾች ናቸው።

ልዩነቱ ጊዜው ነው። ግንቡ በአንድ ቀን አይነፋም፣ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እንጂ። የጅማ ዝናብ ከግንቦት እስከ መስከረም እምብዛም ፋታ አይሰጥም። ከላይ በደንብ ያልተከደነ ግንብ ውሃውን በአናቱ ጠጥቶ ወደ ሆዱ ያወርደዋል። በዚያ አፈር ካለ ይርሳል፣ ያብጣል፣ ደቃቁ እየታጠበ ወደ ታች ይወርዳል። በጋ ሲመጣ ይደርቅና ይኮማተራል፤ ክፍተት ይፈጠራል። ፀሐይ የሚያገኘው ገጽ ደግሞ ቀን ሞቆ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ በዚያም በጥቂቱ ይንቀሳቀሳል።

አሁን ዋናው ነገር ይመጣል። አንደኛው ገጽ በሆነ ምክንያት አንድ ሚሊሜትር ወደ ውጭ ወጣ እንበል። ወዲያው ከበላዩ ያለው ፍርካሽ በተከፈተው ቦታ ይወርድና እንደ ሽብልቅ ይቀረቀራል። ገጹ ወደ ቦታው ልመለስ ቢል እንኳ መንገዱ ተዘግቷል። በሚቀጥለው ክረምት ሌላ ሚሊሜትር፣ ሌላ ሽብልቅ ይጨመራል። እንቅስቃሴው በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ በመሆኑ፣ ሆድ ያወጣ ግንብ በጊዜ ብዛት ሲመለስ አይታይም።

ታዲያ 50 ሴንቲሜትር ውፍረት አይበቃውም?

50 ሴንቲሜትሩ አንድ ላይ ቢሠራ ይበቃው ነበር። አንድ ደብተር አንስተው ለማጠፍ ይሞክሩ። በቀላሉ ይታጠፋል፤ ሲታጠፍም ገጾቹ አንዱ በሌላው ላይ እየተንሸራተቱ ጠርዙ ሰያፍ ይሆናል። ያንኑ ደብተር ሉሁን ሁሉ በማጣበቂያ ቢያጣብቁት እንደ ጣውላ ይጠነክራል። ወረቀቱ አልጨመረም፤ የጨመረው አለመንሸራተቱ ነው።

በቁጥርም ይታያል። አንድ ነገር መታጠፍን የሚቋቋምበት ጥንካሬ ውፍረቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ በሚገኘው ቁጥር ልክ ያድጋል። ለ50 ሴንቲሜትር ወጥ ግንብ ይህ 125,000 ይሆናል። እያንዳንዳቸው 20 ሴንቲሜትር ለሆኑና ላልተያያዙ ሁለት ገጾች ግን 8,000 ሲደመር 8,000፣ ማለትም 16,000 ብቻ ነው። ከስምንት እጅ አንዱ መሆኑ ነው። ሐጂ የከፈሉት ለ50 ሴንቲሜትር ነው፤ ያገኙት ጥንካሬ ግን የዚያ አንድ ስምንተኛ ነው።

በዚህ ላይ ክብደቱ አለ። እንዲህ ያለ ግንብ በአንድ ሜትር ርዝመት ወደ 3 ቶን ይጠጋል። ገጹ ቀጥ ብሎ ሲቆም ይህ ክብደት ወደ መሠረቱ ይወርዳል፣ ጉዳት የለውም። ገጹ 5 ሴንቲሜትር ወደ ውጭ ሲወጣ ግን ከሆዱ በላይ ያለው ክብደት ሆዱን ይበልጥ ለማጠፍ ይሠራል። ስለዚህ ሆድ ባደገ ቁጥር ለማደግ ይቀለዋል። ለአምስት ዓመት ብዙም ያልተለወጠ ግንብ በአንድ ክረምት ሲወድቅ ሰው የሚደነቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ማሰሪያ ድንጋይ ምን ይሠራል?

የድሮ የጥጥ ፍራሽ ያየ ሰው፣ ረጅም መርፌ ከላይ እስከ ታች እየወጋ ሁለቱን ጨርቆች በየተወሰነ ርቀት እንደሚያያይዝ ያስታውሳል። ጥጡ ወደ ጎን እንዳይሸሽ፣ ፍራሹም እንደ ጆንያ እንዳይነፋ የሚያደርገው ያ ስፌት ነው። ማሰሪያ ድንጋይ የግንብ ስፌት ነው። አንደኛው ጫፉ በውጭ ገጽ፣ ሌላኛው በውስጥ ገጽ የሚታይ፣ የግንቡን ሙሉ ውፍረት አቋርጦ የሚያልፍ አንድ ድንጋይ ነው። የሁለቱም ገጾች ድንጋዮች በላዩ ላይ ስለሚቀመጡ ክብደታቸው ጨምቆ ይይዘዋል። አንደኛው ገጽ ለብቻው ወደ ውጭ ልሂድ ቢል ማሰሪያውን ከዚያ ሁሉ ክብደት ሥር መጎተት ይኖርበታል።

ስንት ያስፈልጋል? ባልተጠረበ ድንጋይ የሚሠራ ቤትን የሚመለከቱ የህንድ መመሪያዎች የሚሰጡት ልክ ለማስታወስ ቀላል ነው፤ በቁመት በየ60 ሴንቲሜትሩ አንድ መስመር፣ በመስመሩ ላይ ከ1.2 ሜትር ባልበለጠ ርቀት አንድ ድንጋይ። የላይኛው መስመር ማሰሪያዎች ከታችኞቹ በላይ በቀጥታ ሳይሆን በመሃላቸው ይውላሉ፤ እንዲያ ሲሆን ስፌቱ ግንቡን ሁሉ ያዳርሳል። በሐጂ ግንብ ሙሉ ርዝመት ሲሰላ በሦስት መስመር 30 ገደማ ድንጋይ ይሆናል። ግንቡን ከሠሩት ብዙ መቶ ድንጋዮች መካከል 30 ብቻ።

50 ሴንቲሜትር ድንጋይ ካልተገኘስ? አንዱ አማራጭ ከግንቡ ውፍረት ሦስት አራተኛ የሚሆኑ፣ ማለትም 37 ወይም 38 ሴንቲሜትር ያህል ርዝመት ያላቸው ሁለት ድንጋዮችን፣ አንዱን ከውጭ ሌላውን ከውስጥ አስገብቶ መሃል ላይ ጎን ለጎን ማስተላለፍ ነው። ሌላው ከ8 እስከ 10 ሚሊሜትር ፌሮ ሁለቱን ጫፎች ቆልምሞ በድብልቅ ውስጥ መቅበር ነው፤ ዝገት እንዳይበላው ጫፎቹ ከገጹ 2.5 ሴንቲሜትር ወደ ውስጥ መግባት አለባቸው። በየሠፈሩ የማየው ቀላሉ መንገድ ደግሞ ከግንቡ ስፋት ጋር እኩል የሆነ የኮንክሪት ዱላ ቀድሞ መሬት ላይ መጣል ነው፤ መሃሉ አንድ ፌሮ ይገባበታል።

ማሰሪያ ድንጋይ አንድ እንከን እንዳለው አልደብቅም። ከውጭ እስከ ውስጥ የሚያልፍ ድንጋይ ርጥበትንም ያሻግራል። ለአጥር ግድ የለም። ለመኖሪያ ክፍል ግድግዳ ግን በጅማ ዝናብ የውስጥ ቀለም ላይ እርጥብ ክብ ሊያወጣ ይችላል። እዚያ የተሻለው ሦስት አራተኛ የሚሆኑት ጥንዶች ናቸው።

ማሰሪያ ካለ የቀረው አቀማመጥ ችግር የለውም?

አለው። በሁለት ማሰሪያዎች መካከል ያሉት ድንጋዮችም እርስ በእርሳቸው መቆላለፍ አለባቸው፤ እዚህ ላይ ግንበኛ ከግንበኛ ይለያል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው የድንጋዩን ረጅም ጎን ወደ ግንቡ ሆድ ያስገባና አጭር ፊቱን ለመንገዱ ያሳያል። ሌላው በተቃራኒው ድንጋዩን በጠርዙ ያቆመዋል፣ ልክ መደርደሪያ ላይ እንደ ቆመ መጽሐፍ። የቆመው ድንጋይ ሰፊ ፊት ስላለው ብዙ ካሬ በአንዴ ይሸፍናል፤ ሲያዩትም ያምራል። ጀርባው ግን 12 ሴንቲሜትር ነው፤ ከኋላው ያለውን ፍርካሽ የሚይዘው በሲሚንቶ ጥፍር ብቻ ነው።

የመገጣጠሚያው መስመርም ይታያል። እያንዳንዱ ድንጋይ ከሥሩ ባሉት ሁለት ድንጋዮች ላይ መቀመጥ አለበት፣ መገጣጠሚያቸውን ሸፍኖ። ቀጥ ያለ መገጣጠሚያ ሦስት አራት ድንጋይ ያህል ወደ ላይ ሳይቋረጥ ከሄደ ግንቡ በዚያ መስመር እንደ በር ሊከፈት ይችላል። ይህ በገጹ ላይ ስለሆነ ልስን ከመምጣቱ በፊት ማንም ሊያየው ይችላል። የሆዱ ነገር ግን አይታይም፤ ለማየት ሥራው ሳያልቅ ከላይ ሆኖ ወደ ታች መመልከት ያስፈልጋል።

ግንበኞች ይህን አያውቁም?

ብዙዎቹ ያውቃሉ። ችግሩ ከክፍያው ይጀምራል። ሥራው በካሬ ወይም በኪዩብ ሲከፈል፣ አንድ 50 ሴንቲሜትር ድንጋይ ፈልጎ፣ አንስቶ፣ ጫፎቹን መትቶ ለማስተካከል የሚፈጀው ጊዜ ለማንም አይቆጠርም። ከካባ የሚመጣው ቢያጆ ሲራገፍ ረጃጅሞቹን ለይቶ የሚያስቀምጥ የለም፤ የቀን ሠራተኛው ለመሸከም እንዲመቸው በመዶሻ ይከፍላቸዋል። ሆዱን የመሙላት ሥራም ለግንበኛው ሳይሆን ለረዳቱ ይተዋል። ግንበኛው ገጹን ይጠብቃል፣ ሆዱን ማንም አይጠብቀውም።

በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ይህ ምን እንደሚያስከትል በመስከረም 1986 ዓ.ም. በህንድ ላቱር አካባቢ ታይቷል። ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው ሞቷል፤ ከገዳዮቹ ዋነኞቹ ማሰሪያ የሌላቸው ወፋፍራም የድንጋይ ግድግዳዎች ነበሩ። ሁለቱ ገጾች ለየብቻ ተላቅቀው ወደቁ፣ ከባዱ ጣሪያም ተከተለ። ውፍረታቸው አልረዳቸውም፤ እንዲያውም የሚወድቀውን ድንጋይ አበዛው።

ሆዱ ከምን እንደመጣ በምን ይለያል?

እዚህ ላይ ወደ ሐጂ ግቢ ልመለስ። ለሐጂ አንድ ሰው መሠረቱ ሰምጧል ብሏቸው ነበር፤ መሠረት መቆፈር ደግሞ ትልቅ ወጪ ነው። የጠሩት ግንበኛ ግን ከቦርሳው ቱምቢ አወጣ። ከግንቡ አናት ላይ 10 ሴንቲሜትር ወደ ውጭ የምትወጣ እንጨት አስቀምጦ ቱምቢውን ለቀቀና ከክሩ እስከ ግንቡ ያለውን ርቀት በየከፍታው ለካ። በመንገዱ በኩል ከላይ 10፣ ከታችም 10፣ በ1.1 ሜትር ከፍታ ላይ ግን 5 ሴንቲሜትር ሆነ። ግንቡ በዚያ 5 ሴንቲሜትር ወጥቷል ማለት ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። እሱ ዞሮ ግቢው ውስጥ ገባና ያንኑ ቦታ ከጀርባ ለካው። ከላይና ከታች 10፣ መሃሉ 7።

"ሐጂ፣ መሬቱን አይውቀሱት" አላቸው። "ግንቡ ወዴትም አልሄደም። ወፍሮ ነው።"

ይህ ልኬት የነገሩ ቁልፍ ነው። ግንቡ እንዳለ ታጥፎ ቢሆን ኖሮ፣ በመንገዱ በኩል የወጣው 5 ሴንቲሜትር በግቢው በኩል ገብቶ ይታይ ነበር፤ ከክሩ ያለው ርቀት 15 ይሆን ነበር፣ ውፍረቱም 50 ሆኖ ይቆይ ነበር። እንደዚያ ሲሆን የሚጠረጠረው ከኋላ የሚገፋ አፈር ወይም የመሠረት መስመጥ ነው። እዚህ ግን ሁለቱም ገጾች ወጥተዋል፤ 50 የነበረው ውፍረት 58 ደርሷል። ድንጋይ አያድግምና፣ ጭማሪው 8 ሴንቲሜትር መሃል ላይ የተፈጠረ ክፍተትና ወደዚያ የወረደ ሙሌት ነው። በመዶሻ እጀታ ሲመታም ሆዱ ያለበት ቦታ እንደ ባዶ ጀሪካን አስተጋባ፣ ዳር ዳሩ ግን ደረቅ ድምፅ ሰጠ።

አንድ ጥንቃቄ አለ። አንዱ ገጽ ብቻ ወጥቶ ሌላው ቀጥ ብሎ ከቆመም ግንቡ ወፍሯል ማለት ነው፤ የተላቀቀው አንዱ ገጽ ብቻ ነው። ጀርባው በአፈር የተደገፈ ግንብ ከሆነ ደግሞ ጀርባውን መለካት ስለማይቻል ይህ ዘዴ አይሠራም፤ እዚያ መጀመሪያ የሚታየው ከግንቡ ኋላ የታቆረው ውሃ መውጫ አለው ወይ የሚለው ነው።

ሲፈርስ ምን ተገኘ?

ሆድ ያወጣን ግንብ ገፍቶ ወይም በጃክ አስጨንቆ መመለስ አይቻልም፤ መመለሻው በፍርካሽ ተሞልቷል። ልስኑን ማደስም ስንጥቁን ከመደበቅ ያለፈ ጥቅም የለውም። በቀጭን ሲሚንቶ መሙላትም ገጾቹ ሳይታሰሩ ከተሞከረ አደጋ አለው፤ ፈሳሹ ራሱ ሁለቱን ገጾች ወደ ውጭ ይገፋል። ስለዚህ ሁለቱም ጎን በእንጨት ተደግፎ፣ መንገዱ በገመድ ተከልሎ፣ ከላይ ወደ ታች 4 ሜትሩ ተነቀለ።

የገጹ ድንጋዮች ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ነበሩ፤ ግማሾቹ በጠርዛቸው የቆሙ። በመካከላቸው ቀይ አፈር፣ ፍርካሽና እጅ የሚያስገባ ባዶ ቦታ ተገኘ። ማሰሪያ ድንጋይ አንድም አልነበረም። ሲሚንቶው ግን ደህና ነበር፤ ሁለት ድንጋዮች ሲላቀቁ ድብልቁ ሳይሆን የድንጋዩ ቅርፊት ተነስቶ ሄደ። ሐጂ ሲሚንቶ ሻጩን ያሙ ነበር፤ ያን ዕለት ዝም አሉ።

አዲሱ ሥራ ሦስት ቀን ፈጀ፤ በቀን ከአንድ ሜትር በላይ አልተወጣም፣ ያልደረቀ ድብልቅ የላዩን ክብደት እንዳይሸከም። አሮጌው ግንብ ጫፉ ጥርስ ጥርስ ተደርጎ ተነቀለ፣ አዲሱ በጥርሶቹ መሃል ገባ። ሆዱ በየድርድሩ ወዲያው ተሞላ፤ መጀመሪያ ድንጋይ በመዶሻ ተጠቅጥቆ፣ የቀረው ክፍተት ብቻ በድብልቅ። በ60 ሴንቲሜትር ላይ አራት ማሰሪያ፣ በ1.2 ሜትር ላይ በመሃላቸው ሦስት፣ በ1.8 ሜትር ላይ እንደገና አራት ገባ። አናቱ ወደ ሁለት በኩል ውሃ በሚያፈስ የኮንክሪት ቆብ ተዘጋ።

ያልተነፋው ቀሪ 8 ሜትርም አሠራሩ ያው ስለሆነ ግንበኛው በየካሬ ሜትሩ አንድ ድንጋይ በሁለቱም በኩል በጥንቃቄ ነቅሎ፣ ቀዳዳውን አገናኝቶ፣ የተቆለመመ ፌሮ በኮንክሪት እንዲቀበርበት ሐሳብ አቀረበ። ሐጂ ቡናው ከተሸጠ በኋላ ይሁን አሉ። እስከዚያ ድረስ ስንጥቅ በታየባቸው ሦስት ቦታዎች ላይ መዳፍ የሚያህል የጂፕሰም ምልክት ተለጥፎ ቀኑ ተጻፈበት፤ ጂፕሰሙ ከተሰነጠቀ ግንቡ ገና እየሄደ ነው ማለት ነው።

ለሳኙ በማግስቱ ሲመጣ ሐጂ አስቆሙት። ግንበኛው የእያንዳንዱን ማሰሪያ ሁለት ጫፎች በቀይ አፈር ቀብቷቸው ነበር። ሐጂ በመንገዱ በኩል ቆጠሩ፣ 11። ዞረው በግቢው በኩል ቆጠሩ፣ 11። ከዚያ በኋላ ልስኑ ተፈቀደ።